ጳጉሜ ጡረታ የላትም

ጡረታ በዓመት 12 ጊዜ ይከፈላል፤ ወራችን ግን 13 ነው። የጡረተኛ በጀት የሚናጋው እንዲህ ባለው፣ በየወሩ በማይመጣ ወጪ ነው ባይ ነኝ። አጎቴን ልውሰድ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት 30 ዓመት አገልግለዋል። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ሲታሰብ 55 በመቶ ይመጣል። የመጨረሻ 3 ዓመት አማካይ ደመወዛቸው 8,000 ብር ስለነበር ጡረታቸው 4,400 ሆነ።

ወረቀት ይዘን ቁጭ አልን። ቀድመን የጻፍነው ለሦስት በዓላት 6,000፣ ለቤት ግብር 1,200፣ ለጳጉሜ 600 ብር ነው። ድምሩ 7,800፣ ለ12 ሲካፈል 650 ነው። ይህቺ ጡረታው በወጣበት ቀን ሌላ የቁጠባ ደብተር ውስጥ ትገባለች፤ እጅ ላይ ከቆየች ያው ታውቁታላችሁ። መብራት፣ ውሃ፣ እድርና መድኃኒት 750 ይወስዳሉ። የቀረው 3,000 ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 100 ብር ነው። ጤፉን ልጃቸው ባይልክላቸው ኖሮ አይበቃም ነበር።

ዕቅዱ መሳቱን የሚናገረው የሱቅ ዱቤ ነው። ወሩ ሳያልቅ ዱቤ ከተጀመረ ዋጋ ጨምሯልና ሒሳቡ እንደገና ይሠራል። አጎቴ ግን ሲቸግራቸው ቀድመው የሚቀንሱት መድኃኒቱን ነው። ስለዚህ የወሩን መድኃኒት ጡረታው በወጣ ዕለት ገዝተን እናስቀምጣለን።