ሴቶች ተቀጥረዋል፣ የአገሯ ልጆችም ተቀጥረዋል፤ እሷ ግን የለችም

ጭድ ተራ፣ እንደ ሸማ ተራና እንደ በርበሬ ተራ ሁሉ፣ ስሙን ያገኘው ከሚሸጥበት ዕቃ ነው። መርካቶ ሁሉን በየተራው ለይቶ ማስቀመጥ ያውቅበታል። ሰውንም እንዲሁ ይለያል። ባለፈው ሰሞን በዚያ በኩል ሳልፍ ዓይኔን የያዘው ሸቀጡ ሳይሆን ማን የት እንደቆመ ነበር። ሱቅ ውስጥ ሒሳብ የሚቀበሉት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከመኪና ላይ ማዳበሪያና ካርቶን የሚያወርዱት በሙሉ ወንዶች ናቸው። አንዱን ጫኝና አውራጅ «ሴት ለምን የለችም?» ብዬ ብጠይቀው፣ ከት ብሎ ሳቀና «ሴት ይኼን ትችለዋለች ብለሽ ነው እህቴ?» አለኝ።

ጉልበት ብቻ ቢሆንማ ኖሮ፣ ከእንጦጦ ጫካ ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት እናቶች መልሱን ይሰጡት ነበር። ሴት ሸክም ትሸከማለች፤ የሚከፈልበት፣ በቡድን የተደራጀ ሸክም ላይ ግን ቦታ የላትም። የማውረዱ ሥራ የሚገኘው በማኅበር ነው፤ ማኅበሩ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ የአገር ልጅ ወይም ዘመድ ባመጣው ነው።

ይህን ነገር በደንብ ለማየት የሚረዳ አንድ መሣሪያ አለ። ኪምበርሊ ክሬንሾ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት የሕግ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ጽሑፍ «ኢንተርሴክሽናሊቲ» የሚል ስም ሰጠችው። እኛ «የመስቀለኛ መንገድ እይታ» ብንለው ያስኬዳል፤ እሷም ያስረዳችው በመስቀለኛ መንገድ ምሳሌ ነው። መኻል መገናኛው ላይ የቆመ ሰው መኪና ከየትኛውም አቅጣጫ ሊገጨው ይችላል። አንዳንዴም ከሁለት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይመታል፤ ያኔ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ ለይቶ ማሳየት ያስቸግራል።

ክሬንሾ ከተነሣችባቸው ጉዳዮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1976 የተወሰነ ክስ ነው። አምስት ጥቁር ሴቶች ጀነራል ሞተርስን ከሰሱ። ኩባንያው ከ1964 በፊት ጥቁር ሴቶችን አይቀጥርም ነበር። በኋላ የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ ሲመጣ «መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ» በሚል ደንብ ሠራተኛ ቀነሰ። ከ1970 በኋላ የተቀጠሩት ጥቁር ሴቶች በሙሉ ወጡ። ፍርድ ቤቱ ግን የጾታ መድልዎ አላየም፤ ኩባንያው ሴቶችን ሲቀጥር ኖሯልና። ሴቶቹ ነጮች መሆናቸው ከቁጥር አልገባም። የዘር ጉዳያቸውን ደግሞ ጥቁሮች ካቀረቡት ሌላ ክስ ጋር እንዲያጣምሩት ተመከሩ። ሴትነትንና ጥቁርነትን አንድ ላይ አድርጎ መክሰስ ግን አይቻልም ተባሉ። በሁለቱም መዝገብ ስማቸው ይነሣል፤ በአንዱም ግን በደላቸው ሙሉ ሆኖ አይታይም።

አሁን ወደ መርካቶ እንመለስና ለመረዳት ያህል አንዲት ልጅ በምናባችን እናቁም። ከጋሞ ደጋ የመጣች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት እንበል። አፏን የፈታችው በጋምኛ ነው፣ አማርኛዋ ገና ነው፣ ትምህርቷን አቋርጣለች፣ ከተማ ውስጥ ዋስ የሚሆናት ሰው የለም። ሱቅ ልትቀጠር ብትሄድ ደላላው የሚጠይቃት ሁለት ነገር ነው፤ «አማርኛ ትችያለሽ? ዋስ አለሽ?» ወንድሟ ቢመጣ የተሻለ በር ያገኛል፤ ሸማኔ ዘመድ ካለው መወርወሪያ ይይዛል፤ ካልሆነም የማውረዱን ቡድን ይሞክራል። ሽመና ግን በባህሉ የወንድ ሥራ ነው፤ የሴቷ ድርሻ ፈትል ነው። ሸክሙም የወንድ ነው።

«ሴቶች ሥራ ያገኛሉ ወይ?» ብትሉ፣ አዎ፣ ሱቁ ሞልቷል። «የአገሯ ልጆች ሥራ ያገኛሉ ወይ?» ብትሉ፣ አዎ፣ ወንዶቹ። ሁለቱም መልስ እውነት ነው፤ እሷ ግን ከሁለቱም ውጭ ናት።

ስሌቱ እንዲህ ነው። አንድ መደዳ ላይ 50 ሠራተኞች አሉ ብለን እናስብ። 20ዎቹ ሴቶች ናቸው። ከሃምሳው 15ቱ ደግሞ ከዚያው አገር የመጡ ናቸው። ለየብቻ ሲቆጠር ሁለቱም ደኅና ይመስላል። ሁለቱን አቋርጠን «ከዚያ አገር የመጡ ሴቶች ስንት ናቸው?» ስንል ግን ዜሮ ሊወጣ ይችላል። ያ ዜሮ ለየብቻ በተቆጠሩት ቁጥሮች ውስጥ በፍጹም አይታይም።

ዜሮው ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ምናልባት የጠየቀች ሴት ላትኖር ትችላለች። ስለዚህ ቀጥሎ የሚጣራው በሩ ላይ ምን እንዳለ ነው፦ ቋንቋ፣ ዋስ፣ ዘመድ ወይስ «ሴት አትችልም» የሚል ልማድ? ለማረጋገጥ አንዱን ብቻ ቀይሮ ማየት ይረዳል። ያችኑ የጋሞ ልጅ ባለሱቅ አባት ስጧት፤ ዋስ አላት፣ አማርኛም ከልጅነቷ ተምራለች፣ በሩ ይከፈታል። ጎሣዋም ጾታዋም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኑሮዋ ነው። ይህ እይታ በደል እየደመሩ «ማን ይበልጥ ተበደለ» ለማለት ከሆነ የሚያጣላ ብቻ ነው። ጥቅሙ የተዘጋውን በር ለይቶ ማሳየቱ ነው።

ታዲያ ይህች ልጅ የት ትገባለች? ብዙ ጊዜ እኛ ቤት። የቤት ሠራተኝነት ዋስም አማርኛም ያላሟላችን ልጅ የሚቀበል፣ ማደሪያም ያለው ሥራ ነው። እዚህ ላይ ሌላ መስቀለኛ መንገድ ይጠብቃታል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓትን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል። የሳምንት ዕረፍትና የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድም ይሰጣል። ሱቅ ያለችው ልጅ በዚህ ትከላከላለች። አዋጁ ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ አውጥቶ የሥራ ሁኔታውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስነው ይተወዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2601 ጀምሮ፣ አብራው ለምትኖር ሠራተኛ አሠሪው ማደሪያዋን፣ የሥራና የዕረፍት ጊዜዋን ለጤናዋና ለሞራሏ በሚስማማ መንገድ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ የሰዓት ቁጥር ግን አይጠቅስም።

ከሽፋኑ በሚያወጣው በዚህ ድንጋጌ ውስጥ «ሴት» ወይም «ድሃ» ወይም የብሔር ስም የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 25 በብሔር፣ በጾታ፣ በቋንቋ፣ በሀብት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ አንድ በአንድ ዘርዝሮ። ነገር ግን ከሽፋኑ ውጭ በቀረው ሥራ ላይ የቆመው ማን እንደሆነ ጓዳችንን ማየት ይበቃል፤ በብዛት ከገጠር የመጣች፣ ድሃ የሆነች፣ ሴት ልጅ።

ስለዚህ እቤታችን ያለችውን ልጅ በተመለከተ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ደመወዟን በእጇ የምትቀበለው እሷ ናት ወይስ ያመጣት ደላላ ወይም ዘመድ? ውላችንን በሚገባት ቋንቋ ነግረናታል፣ አስተርጓሚ አስፈልጎ ከሆነስ ደላላው ራሱ ነበር? ከማታው ስንት ሰዓት ጀምሮ፣ ከሳምንቱስ የትኛው ቀን የራሷ ነው? የመጀመሪያው ድህነቷን፣ ሁለተኛው ቋንቋዋን፣ ሦስተኛው «የሴት ሥራ አያልቅም» የሚለውን ልማድ ይነካል። አንዱን ብቻ ብናስተካክል ሌሎቹ ሁለቱ ያንኑ መልሰው ይወስዱባታል፤ ደመወዙን በእጇ ብንሰጣት እንኳ፣ የምትወጣበት ቀን ከሌላት ገንዘቡን ባንክ የምታስገባላት ሌላ ሰው ናት።