ለመስጠት የሚጣድ ድስት

ድግስ ቤት ምግብ የሚተርፈው በሁለት ቦታ ነው፤ ድስት ውስጥና ሳህን ላይ። ሳህን ላይ የቀረው እጅ የገባበት ነው፤ ለሌላ ሰው ተመልሶ አይቀርብም። ድስት ውስጥ የቀረው ግን ማንም ያልነካው ንጹሕ ምግብ ነው። ሁለቱ የሚቀላቀሉት ብዙውን ጊዜ በድግሱ ማብቂያ ላይ ነው። እንግዳው ተሸኝቶ፣ ወጥ ቤቶቹ ወገባቸው ተቆርጦ፣ ባለ አዳራሹ «ቶሎ ልቀቁልን» እያለ፣ ከየጠረጴዛው የተለቀመው ጥቅልል እንጀራና ከድስቱ የተጨለፈው ወጥ በአንድ ፌስታል ይታጨቅና በር ላይ ለቆሙት ይታደላል። አዲስ አበባ «ቡሌ» የሚለው ይህን ዓይነቱን ነው። ከመጣል ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለራሳችን ልጅ የማንሰጠውን ለሰው ልጅ መስጠት ልግስና አይመስለኝም።

ደግነቱ፣ ነገሩን ማስተካከል ከባድ አይደለም። ግን ድግሱ ካለቀ በኋላ አይሆንም። የሚሰጠው ምግብ መለየት ያለበት ድስቱ ሲጣድ ነው።

የትርፉ ዋና ምክንያት ፍርሃት ነው። የጥሪ ወረቀቱ «ከነቤተሰብዎ» ስለሚል ማን ከስንት ሰው ጋር እንደሚመጣ አይታወቅም። ደጋሹም «ሰው ቢበዛስ?» ብሎ ለ400 ሰው የታሰበውን ለ500 ያሠራል። ልምድ ያላቸው ወጥ ቤቶች ለዚህ መላ አላቸው፤ ቁሌቱን ለሁሉም ሠርተው ሥጋውን በየተራ ይጨምራሉ። ሽንኩርቱና በርበሬው ቀደም ብለው ከበሰሉ፣ ረጅሙን ሰዓት የሚወስደው ሥራ አለቀ ማለት ነው። ያልተነካ ቁሌትም ቀዝቅዞ በደንብ ከተቀመጠ ለሌላ ቀን ይሆናል። ሥጋ የገባበት ወጥ ግን ያንን ያህል አይታገሥም።

እስቲ በአንድ የእሁድ ሰርግ እንየው። 400 ሰው ይጠበቃል፤ ለቀይ ወጥ ለአንድ ሰው 150 ግራም ሥጋ ብንይዝ 60 ኪሎ ይሆናል። 45ቱ ኪሎ ለ300 ሰው ወደ አዳራሹ ድስቶች ይገባል። 9 ኪሎው ለ60 ሰው በሚበቃ አንድ ሌላ ድስት ለብቻው ይሠራል። የቀረው 6 ኪሎ ሳይበስል ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል፤ ካስፈለገ ይወጣል፣ ካላስፈለገ ለመልስ ነው። የ60 ሰዉ ድስት እሳት ላይ እንደተጣደ፣ ክዳኑ ሳይከፈት ከማጀት ይቆያል፤ ጭልፋ አይገባበትም። ይህ ድስት የሚሰጠው ድስት ነው፤ ግን መጠባበቂያም ነው። እንግዳው ከታሰበው በላይ ከጎረፈ ወደ አዳራሹ ይገባል። «ቢበዛስ» የሚለው ፍርሃት የሚበርደው እዚህ ላይ ነው።

ምሳው በሰባት ሰዓት ከተጀመረ፣ ስምንት ሰዓት ላይ የመጣው ሰው ከሞላ ጎደል መጥቷል። አንድ የተመደበ ሰው (ሙሽራውም አባቱም ሊሆኑ አይችሉም፤ ጭንቅላታቸው ሌላ ቦታ ነው) የተያዙትን ወንበሮች ይቆጥርና ይወስናል። ከዚያ ስልክ ይደወላል። ይህች ስልክ ትልቅ ነገር ናት። ተቀባዩ አረጋውያን የሚጦሩበት ማዕከልም ይሁን የሕፃናት ማሳደጊያ፣ የራሱ ወጥ ቤት አለው፤ «ይመጣል» ብሎ እራት ሳይሠራ ቢቀር የሚራቡት የማይነሡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከድግሱ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ «እስከ ስምንት ሰዓት ቁርጡን እንነግራችኋለን» ብሎ መስማማት ያስፈልጋል። እንደ መቄዶንያ ወዳሉ ትልልቅ ማዕከላት ሰው ደስታውንም ተዝካሩንም ይዞ ስለሚሄድ፣ በሰርግ ወራት በአንድ እሁድ ከሚበላው በላይ ሊመጣ ይችላል። የሚጠቅመው ሰው የማያስታውሰውን ትንሽ ማሳደጊያ ፈልጎ መጠየቅ፣ ወይም ቀኑን ከተቀባዩ ጋር መማከር ነው።

ድስቱ ስምንት ተኩል ላይ እየተንተከተከ ይወጣል፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ክዳኑ ታስሮ። ለምን እንዲህ መቸኮል አስፈለገ? ምግብ ለብ ባለ ጊዜ ነው የሚበላሸው። ከ60 ዲግሪ በላይ ያለ ትኩስ ምግብና ከ5 ዲግሪ በታች ያለ ቀዝቃዛ ምግብ ደኅና ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ሙቀት የባክቴሪያ መራቢያ ነው። በዚያ ሙቀት ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ትልቅ ጎላ ድስት ከእሳት ወርዶ ሲያድር ላዩ ይቀዘቅዛል፣ መሐሉ ግን ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ነው። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ዘሩ ፍላትን ይቋቋማል፤ ወጡ ለብ ሲል ነቅቶ ይራባል። በማግስቱ ከስድስት እስከ ሃያ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። ክፋቱ፣ ወጡ አይሸትም፣ አይኮመጥጥም፤ ቀምሶ ማወቅ አይቻልም። ለጤነኛ ጎልማሳ የአንድ ቀን ሥቃይ ቢሆን፣ ለአረጋዊና ለሕፃን ግን ከዚያ የከፋ ነው።

የግድ ማሳደር ካስፈለገ ከጎላው እየተጨለፈ በዝርግ ትሪዎች ከአራት ጣት ባልበለጠ ጥልቀት ይከፈላል፤ ትሪው ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ላይ ይቀመጣል፤ ከበረደ በኋላ ወደ ፍሪጅ ይገባል። በማግስቱም የሚበላው እስኪንተከተክ ከሞቀ በኋላ ነው። ክትፎ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ዱለትና ማዮኔዝ የገባበት ሰላጣ በዚህ መንገድም አይሰጡም። ሩዝም ያሳስባል፤ ለብ ብሎ የቆየ ሩዝ ውስጥ የሚፈጠረው መርዝ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም። ቀይ ወጥ፣ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ደኅና ተጓዦች ናቸው። እንጀራ ከሁሉም ይሻላል፤ ብቻ ትኩሱ ሳይበርድ ከታፈነ ያልበውና ቶሎ ይሻግታል።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው የጾም አቆጣጠር ነው። የእሁድ ሰርግ ፍስክ ሰኞና ማክሰኞ ይበላል፤ ረቡዕ ጾም ነው። ትልቁ ችግር የሚመጣው ቅበላ እሁድ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለማግባት ሰርግ ይደራረባል፤ በማግስቱ ሰኞ ግን 55 ቀን የሚቆየው ጾም ይጀምራል። ማታውኑ ያልተበላ ዶሮና ሥጋ ለጾመኛ አይሆንም። ነነዌም ሰኞ ገብቶ እስከ ረቡዕ ስለሚጾም ከዋዜማው እሁድ ያለው ሰርግ ይኸው ጣጣ አለበት። በእነዚህ እሁዶች የሚሰጠውን ድስት የምስር ወይም የሽሮ ማድረግ ብልህነት ነው፤ ለፍስክ ከሆነ ግን የዚያኑ ዕለት እራት እንዲሆን ማድረስ ነው። የሥጋውንም እርድ መናገር ግዴታ ነው፤ የክርስቲያን ይሁን የሙስሊም ሳይነገር የተሰጠ ሥጋ፣ ተቀባዩ ጠይቆ ካላረጋገጠ ሳይበላ ይጣላል፤ ሳያውቅ ከበላው ደግሞ የባሰ በደል ነው።

አሁን ወደ ሳህኑ እንምጣ። አብዛኛው የአዲስ አበባ እድር መጋዘኑ ውስጥ ድንኳን፣ ወንበር፣ ጎላ ድስት፣ ትሪ፣ ሳህንና ብርጭቆ አለው። ንብረት ያዡ ቆጥሮ ያወጣል፣ ቆጥሮ ይቀበላል፤ የጎደለ ይከፈላል። የሚገርመው፣ ለዚህ ንብረት በየወሩ እየከፈለ የኖረ ቤተሰብ ድግስ ሲደርስ በደርዘን የታሰረ የስታይሮፎም ሳህን ይገዛል። ምክንያቱ የሳህን እጥረት አይደለም፤ ማን ያጥባል ነው። ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር ጥያቄው እውነት ነው። የላስቲክ ጠርሙሱን ሃይላንድ እንኳ ቆራሌው ይወስደዋል፤ ወጥ የተቀባ የስታይሮፎም ሳህንን ግን የሚፈልገው የለም። ወደ ቆሼ ይሄዳል፣ ወይም ቱቦ ይደፍናል።

የእጥበቱ ሥራ በሦስት ሳፋ ያልቃል። ከሁሉ በፊት ፍርፋሪው በባልዲ ይራገፋል፤ ሶፍት ከአጥንቱና ከእንጀራው ጋር ካልተቀላቀለ ባልዲው ለከብት ወይም ለማዳበሪያ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳፋ ሙቅ ውሃና ሳሙና ይገባል፤ ቅቤና በርበሬ በቀዝቃዛ ውሃ ይረጋል እንጂ አይለቅም። ሁለተኛው ንጹሕ ውሃ ማለቅለቂያ ነው። በሦስተኛው ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሚሊ ሊትር በረኪና ይጨመራል፤ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ይህ ይበቃል። ሳህኑ አንድ ደቂቃ ተነክሮ ይወጣና ተደፍቶ በነፋስ ይደርቃል። በጨርቅ መወልወል የጸዳውን መልሶ ማቆሸሽ ነው። እያንዳንዱ ሳፋ 30 ሊትር ቢይዝና በየ100 ሳህኑ ውሃው ቢቀየር፣ ለ300 ሳህን 270 ሊትር ያስፈልጋል፤ ከአንድ በርሜል ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የመጀመሪያው ሳፋ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ 100 ሳይሞላም ይደፋል። ለአጣቢዎች የሚከፈለው ደግሞ የሚጣለውን ሳህን ዋጋ ስለሚያስቀር ሂሳቡን አስሉት፤ ሳህን በሚከራይበት ቦታም ማጠቢያው በኪራዩ ውስጥ እንዳለ መጠየቅ ይጠቅማል።

ለቅሶ ቤት ከሰርግ ይለያል። ሰው በአንድ ጊዜ አይቀመጥም፤ ሲመጣና ሲሄድ ይውላል። ስለዚህ እየታጠበ ከዞረ 100 ሳህን ለ300 ለቀስተኛ ይበቃል። ትርፉ የሚመጣው ሌላ ቦታ ነው፦ ጎረቤትና ዘመድ ሳይነጋገር ሁሉም በመጀመሪያው ቀን ያመጣል፤ ከሠልስት በኋላ ግን ሐዘንተኛው የሚቀምሰው ያጣል። እድሩ ማን በየትኛው ቀን ምን እንደሚያመጣ በአንድ ወረቀት ቢያሰፍር ይህ ይቀራል። የመጀመሪያ ቀን ንፍሮ ቢተርፍ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም፤ ዳቦና ቆሎ ግን ይቆያሉ። ለቅሶ በቀጠሮ ስለማይመጣ ከለቅሶ ቤት ትልቅ ልገሳ ማቀድ አይቻልም፤ የቤቱንም ሰው ማድከም ነው። ተዝካር ግን ቀኑ የታወቀ ነው፤ ነዳያንን ማብላትም ከጥንቱም የዓላማው ክፍል ነው። ለነሱ የሚሆነው ድስት እንግዳው በልቶ እስኪነሣ ሳይጠበቅ ከጠዋቱ ተለይቶ መውጣት ይችላል።

ድስቱ ከቤት ሲወጣ ክዳኑ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፋል፤ ምን እንደሆነ፣ ጾም ወይም ፍስክ፣ የማን እርድ፣ ከእሳት የወረደበት ሰዓት፣ የላኪው ስልክ። ከታች ደግሞ የእድሩ ስምና ድስቱ የሚመለስበት ቀን ይጻፋል፤ የእድር ጎላ ጠፍቶ በሚቀጥለው ለቅሶ ከተፈለገ ንብረት ያዡ የሚጠይቀው የወሰደውን ቤተሰብ ነው።