የዜናው ሰው ዘፈን ውስጥ ሲገባ

በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ የአምቦ ተማሪዎች የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው ሲወጡ ተኩስ ተከፈተ፤ ሰው ሞተ። በዓመቱ የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ «ማላን ጂራ»ን አወጣ። አድማጩ ወዲያው ከመሬቱ ጉዳይ ጋር አያያዘው። ዘፈኑ ውስጥ ግን ማስተር ፕላን የሚል ቃል የለም።

ያለው ከወዳጁ የተለየ ሰው ነው። ናፍቆቱን ሲናገር የጉለሌ፣ የአቢቹ፣ የገላን ስም ይነሳል፤ ፊንፊኔን ከብበው ይኖሩ የነበሩ የኦሮሞ ጎሳዎች ናቸው። ጊንጪ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚሰማው ሰው እነዚህ ስሞች ብቻቸውን ዜናውን ይነግሩታል። ከመሬቱ የሚነሳው ገበሬ በዘፈኑ «የተፈናቀለ» ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሚወድ፣ የሚናፍቅ፣ የሚቆጣ ሰው ነው፤ መፈናቀሉ ከደረሱበት ነገሮች አንዱ ነው።

ይህ መንገድ ዋጋ አለው። የጎሳዎቹን ታሪክ የማያውቅ አድማጭ የፍቅር ዘፈን ሰምቶ ይሄዳል። ማን ወሰነ፣ መቼ፣ ማን ሞተ የሚለውም ግጥሙ ውስጥ አይገኝም። ስለ አንድ የተወሰነ ሰው ሞት ለሚጽፍ ሰው እንግዲህ ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል።

ቦብ ዲላን ያንን ሞክሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በየካቲት 1963 ባልቲሞር ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ዊልያም ዛንትዚንገር የተባለ ባለጸጋ ወጣት መጠጥ ዘገየብኝ ብሎ አስተናጋጇን ሃቲ ካሮልን በከዘራ መታት። ከሰዓታት በኋላ ሞተች። ነሐሴ ላይ ስድስት ወር ተፈረደበት፤ ዲላን ስለ እሷ የጻፈውን ዘፈን በጥቅምት ቀረጸው። ፍርዱን መጠበቁ ጠቅሞታል፤ ስድስት ወር የምትለውን እስከ መጨረሻው ይዞ ያቆያታል። ሟቿን የሚያስተዋውቃት በሥራዋ ነው፦ ገበታ ታነሳለች፣ የሲጋራ መተርኮሻ ትደፋለች። ጥቁር መሆኗን አንድም ጊዜ አይናገርም፤ ያንን አድማጩ ራሱ ይደርስበታል።

የላላበት ቦታም አለ። ሃቲ ካሮል የሞተችው በአንጎል ደም መፍሰስ ነው፤ የደም ግፊትም ነበረባት፤ ፍርድ ቤቱ ጥፋቱን ወደ ቀለለ የግድያ ዓይነት ያወረደው በዚህ ምክንያት ነው። በዘፈኑ ውስጥ ከዘራው በቀጥታ ይገድላል። ዝርዝሩን ማስገባት ቁጣውን ባልቀነሰው ነበር፤ እንዲያውም የስድስት ወሩን ፍርድ አመጣጥ ያሳይ ነበር።

አሁን ራሱ ሃጫሉ የዜና ሰው ነው፤ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተገድሎ አምቦ ተቀበረ። ስለ እሱ ለሚጽፍ ሰው «ጀግና»፣ «አንበሳ» የሚሉት ቃላት በእጅ ያሉ ናቸው፤ የማንንም ሟች ስም ቢተኩበት ስንኙ አይናጋም። «ከብት ጠባቂው ልጅ በአሥራዎቹ ዕድሜ አምቦ ወህኒ ቤት ገባ፤ ግጥምና ዜማ መጻፍ የተማረው እዚያ ነው» የሚለው ግን ለሌላ ሰው አይሰጥም። ሃጫሉ አምስት ዓመት ታስሯል፤ የመጀመሪያ አልበሙንም ያዘጋጀው እስር ቤት ሆኖ ነው። ገጣሚው እዚህ ላይ ቢጀምርና ግድያውን ለኋላ ቢያቆይ፣ አድማጩ ሟቹን ሳይሆን አስቀድሞ ልጁን ያውቀዋል።