ተጨማሪ መረጃ፦ ርዝመታቸው እኩል ባልሆነ ሁለት ስፓኖች ላይ ሞመንትን ማከፋፈል

በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ሃርዲ ክሮስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. ያሳተሙት የሞመንት ማከፋፈል ዘዴ፣ መሠረተ ሐሳቡ፣ መጋጠሚያውን በኅሊና ቆልፎ ኋላ በመፍታት፣ ሚዛን ያጣውን ሞመንት ለአካላቱ እንደየግትርነታቸው መጠን ማደል ነው።

በሦስት ድጋፎች ላይ ያረፈ፣ መስቀለኛ ቅርጹ ከዳር እስከ ዳር የማይለወጥ፣ አንደኛው ስፓኑ 4 ሁለተኛውም 6 ሜትር የሆነ፣ በየሜትሩ 20 ኪሎኒውተን የተሸከመ የኮንክሪት አግዳሚ እንውሰድ። የዳር ድጋፎቹ መዞርን ስለማይከለክሉ፣ መካከለኛው ብቻ ተቆልፎ ሳለ፣ የየሜትሩ ጭነት በስፓኑ ካሬ ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል፣ አጭሩ 40 ረጅሙም 90 ኪሎኒውተን ሜትር ያመጣሉ፤ ልዩነቱም 50 ነው። ግትርነት በርዝመት ልክ እየቀነሰ ይሄዳልና፣ ከዚህ 50 አጭሩ ስድስት ዐሥረኛውን፣ ማለት 30ን፣ ረጅሙም የቀረውን 20 ይወስዳል፤ በዚህም ሁለቱ ወገኖች በ70 ላይ ይታረቃሉ።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው በ8 ፈንታ ለ12 አካፍሎ፣ የተቆለፉትን ዳሮች ሳይፈታ ሥራውን ሲያቆም ነው፤ ያን ጊዜ የሚያገኘው 46.7 ብቻ ስለሆነ፣ በመካከለኛው ድጋፍ ላይ የሚተኛው የላይኛው ብረት እጅግ ያንሳል። ስሕተቱም የሚታወቀው ነጻ መሆን የሚገባቸው ዳሮች ሞመንት ተሸክመው ሲገኙ ነው።

አጭሩ ስፓን 2 ሜትር ብቻ ቢሆን፣ ሁልጊዜ እንደሚያስደንቀኝ፣ ሞመንቱ ያው 70 ነው፤ ነገር ግን የአጭሩ ስፓን ዳር ድጋፍ አግዳሚውን በ15 ኪሎኒውተን ወደ ታች መሳብ ይኖርበታልና፣ ሳይታሰር እንዲሁ ካረፈ ብድግ ይላል፤ ስሌቱም ይፈርሳል።