ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ሲጨልም፦ የራም፣ የግራፊክስ ካርድና የኬብል ብልሽት እንዴት ይለያል?

የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ማብሪያው ተጭኖ፣ መብራቱ በርቶ፣ ፋኑም እየዞረ ሞኒተሩ ጥቁር ሆኖ ሲቀር የብዙ ተጠቃሚ የመጀመሪያ ግምት «ሞኒተሩ ተበላሽቷል» ወይም «ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል» የሚል ነው። በዚህ ግምት ብቻ ውድ ዕቃ ይገዛል፤ አዲሱ ዕቃ ተገጥሞም ስክሪኑ እንደጨለመ ይቀራል። ጨለማው የምስል ችግር ይምሰል እንጂ መነሻው ከምስል ጋር ጭራሽ የማይገናኝ ሊሆን ይችላል። በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙት መነሻዎች ራም፣ ግራፊክስ ካርድ እና የሞኒተር ኬብል ናቸው። በስክሪኑ ላይ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ናቸው። የሚለያዩት ከስክሪኑ ውጭ በሚሰጡት ምልክት ነው።

ምስል ከመምጣቱ በፊት

የፋኑ መዞር የሚናገረው ፓወር ሰፕላዩ ኤሌክትሪክ መስጠቱን ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ ጀምሯል ለማለት አይበቃም። ሥራው የሚጀምረው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ የሚባለው ፕሮግራም ዕቃዎቹን በቅደም ተከተል ሲፈትሽ ነው፤ መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ፣ ቀጥሎ ራሙ፣ ከዚያ ግራፊክሱ፣ በመጨረሻ ዲስኩና የቀረው። ይህ አሠራር በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣው የአይቢኤም ፒሲ ላይም ነበረ፤ መሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ጉዳዩን የሚፈታው ይህ ቅደም ተከተል ነው። ራሙ ፍተሻውን ካላለፈ ባዮሱ ወደ ግራፊክሱ አይደርስም፤ ስለዚህ ሞኒተሩም ኬብሉም ካርዱም ጤነኛ ሆነው ስክሪኑ ሊጨልም ይችላል። ካርዱ ካልሠራ ደግሞ ራሙ ፍተሻውን አልፏል፣ ነገር ግን ምስል የሚያወጣ የለም። ኬብሉ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሁሉንም አልፎ ዊንዶውስ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ የሚያየው ሰው ብቻ ነው የጠፋው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ዕቃ ተበላሸ?» መሆን የለበትም። «ኮምፒውተሩ እስከ የት ደርሶ ቆመ?» ብሎ መነሳት ይሻላል።

ሞኒተሩና ኬብሉ

ሳጥኑን ሳይከፍቱ የሚደረገው ፍተሻ ይቀድማል። ሞኒተሩ እንደበራ የምስል ኬብሉን ከሞኒተሩ ጀርባ መንቀል ነው። ጤነኛ ሞኒተር በአብዛኛው «No Signal» ወይም ኬብል አልተሰካም የሚል ጽሑፍ ለጥቂት ሰከንዶች ያሳያል። ጽሑፉ ከታየ ስክሪኑም የጀርባ ብርሃኑም ይሠራሉ። ምንም ካልታየ የሞኒተሩን የኤሌክትሪክ ገመድና ማብሪያውን ማየት፣ ቀጥሎም ሞኒተሩን በሌላ ኮምፒውተር መሞከር ያስፈልጋል።

ከዚያ ኬብሉ ይፈተሻል። የቪጂኤ ኬብል 15 ቀዳዳ ባለው ፖርት የሚሰካ ነው፤ የታጠፈ ፒን ካለው ቀለም ያዛባል ወይም ምስሉን ያጠፋል። ሆኖም በብዙ ኬብሎች ላይ 9ኛው ፒን ከፋብሪካ ጀምሮ የለም፤ ይህን እንደ ስብራት ቆጥሮ ኬብል መጣል አይገባም። የዲስፕሌይፖርትን ምስል ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይሩ መለወጫዎች ደግሞ ባብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራሉ። ኤችዲኤምአይ ብቻ ካለው ኮምፒውተር ወደ ዲስፕሌይፖርት ሞኒተር ገልብጦ የሰካቸው ሰው ምንም አያይም፤ የተበላሸ ዕቃ ግን የለም። ሞኒተሩ ራሱ በምናሌው ሌላ መግቢያ ተመርጦለት ከሆነም ውጤቱ ያው ጨለማ ነው።

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ግን ኬብሉ የተሰካበት ቦታ ነው። ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ከጀርባው በአብዛኛው ሁለት ዓይነት የምስል ፖርት አለው፤ አንዱ ከማዘርቦርዱ የሚወጣ ሲሆን ሌላው ዝቅ ብሎ የሚገኘው የካርዱ ነው። ካርድ ሲገጠም ብዙ ማዘርቦርዶች የራሳቸውን ፖርት ያጠፋሉ። ኬብሉ መሰካት ያለበት ካርዱ ላይ ነው።

ኮምፒውተሩ ነቅቷል ወይስ አልነቃም?

ሞኒተሩ ጤነኛ ሆኖ ምስል ከሌለ የሚቀጥለው ፍተሻ በኪቦርድ ይደረጋል። ኮምፒውተሩን አብርቶ አንድ ሁለት ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ Caps Lock መጫን ነው። መብራቱ በተጫነ ቁጥር የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ኮምፒውተሩ ትእዛዝ እየተቀበለ ነው፤ ራሙ ፍተሻውን አልፏል፣ ጥርጣሬው ወደ ኬብሉ፣ ወደ ፖርቱ ወይም ወደ ካርዱ ይዞራል። መብራቱ ካልተንቀሳቀሰ ኮምፒውተሩ መንገድ ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ ራም ቀዳሚው ተጠርጣሪ ይሆናል። የማውዝ ቀይ ብርሃን ግን ለዚህ ምስክር አይሆንም፤ ኤሌክትሪክ መድረሱን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሲነሳ የአምራቹ አርማ ታይቶ ዊንዶውስ ሲጀምር የሚጨልም ስክሪን ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው። አርማው ከታየ ራሙ፣ ካርዱና ኬብሉ ቢያንስ ለመነሻው ሠርተዋል፤ ቀድሞ መታየት ያለበት የግራፊክስ ድራይቨር ነው።

የድምፅና የመብራት ምልክቶች

ባዮሱ ችግሩን በስክሪን መናገር ስለማይችል በድምፅ ወይም በመብራት ይናገራል። ቋንቋው ግን ከአምራች አምራች ይለያል። በአሮጌ የአዋርድ ባዮስ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ የግራፊክስ ችግርን ያመለክታል፤ በብዙ የአሱስ ማዘርቦርዶች ያው ድምፅ «ራም አልተገኘም» ማለት ሲሆን፣ የግራፊክሱ ምልክት አንድ ረጅምና ሦስት አጭር ነው። የማዘርቦርዱን ስም ሳያዩ ድምፅ ቆጥሮ ዕቃ የሚገዛ ሰው የማያስፈልገውን ዕቃ ሊገዛ ይችላል።

በየቢሮው የሚገኙት የዴልና የኤችፒ ዴስክቶፖች ማብሪያቸው ላይ ባለው መብራት ይናገራሉ። በቅርብ ዓመታት በወጡ በርካታ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ሞዴሎች መብራቱ 2 ጊዜ ብርቱካናማ፣ 3 ጊዜ ነጭ ካለ ራም አልተገኘም፤ 2 እና 4 ከሆነ የተገኘው ራም ፍተሻውን አላለፈም። በቆዩት ኤችፒ ኮምፓኮች 5 ቀይ ብልጭታ የራም፣ 6 ቀይ ብልጭታ የግራፊክስ ችግር ነው። ከብልጭታው ጋር ድምፅም ይሰማል፤ ድምፁ ግን ከአምስት ዙር በኋላ ይቆማል፤ መብራቱ ይቀጥላል። ዘግይቶ የደረሰ ሰው «ምንም ድምፅ የለውም» ብሎ እንዳይሳሳት አጥፍቶ ማብራት አለበት።

ድምፅ የሚሰጥ ኮምፒውተር ካለ ይህን ምልክት በፈተና መልክ መጠቀምም ይቻላል። ራሞቹን በሙሉ አውጥቶ ማብራት ነው። የራም ምልክት ከሰጠ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ የራሙን አለመኖር ለማወቅ የሚበቃ ሕይወት አላቸው። ዝም ካለ ችግሩ ከራም በላይ፣ በማዘርቦርዱ፣ በፕሮሰሰሩ ወይም በፓወር ሰፕላዩ ሊሆን ይችላል።

ራሙና ካርዱ ሲፈተሹ

ራም ከመነካቱ በፊት የኤሌክትሪክ ገመዱ ይነቀላል፤ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ማብሪያው ለጥቂት ሰከንዶች ይጫናል፤ እጅም የሳጥኑን ብረት ይነካል። ከዚያ ራሞቹ ወጥተው ወርቃማው ጠርዛቸው በንጹሕ ነጭ ላጲስ በቀስታ ይጸዳል፤ የላጲሱ ብናኝም ይጠረጋል። ሲመለሱ አንድ ራም ብቻ በአንድ ስሎት ይገባል፤ መያዣው «ቀጭ» ብሎ እስኪዘጋ በሁለቱም ጫፍ ይጫናል። አንድ ራም በየትኛውም ስሎት እምቢ ካለ ጥፋቱ የራሙ ነው። ሁሉም ራሞች በአንድ ስሎት ብቻ እምቢ ካሉ ግን ጥፋቱ የስሎቱ ነው። ዲዲአር5 በሚጠቀሙ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ራም ከተቀየረ በኋላ የመጀመሪያው መነሳት ደቂቃዎች ሊወስድ ስለሚችል ቶሎ ማጥፋት አይገባም።

ለካርዱ ፍተሻ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው መንገዱ አጭር ነው፤ ካርዱን አውጥቶ ኬብሉን በማዘርቦርዱ ፖርት መሰካት። ምስል ከመጣ ጥርጣሬው በካርዱ፣ በስሎቱ ወይም በኤሌክትሪኩ ላይ ይወድቃል። ስማቸው በF የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ግን የራሳቸው ግራፊክስ ስለሌላቸው በሌላ ካርድ መሞከር ግድ ነው። ስሎቱ ራሱ እስከ 75 ዋት ብቻ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ፣ በአብዛኛው ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን የኤሌክትሪክ ገመድ ያስፈልገዋል። ገመዱ ካልተሰካ የካርዱ ፋን ሊዞር ይችላል፤ ምስል ግን ላይወጣ ይችላል።

አንድ ምሳሌ

በአንድ የሒሳብ ቢሮ ያለ ኤችፒ ኮምፓክ እንውሰድ። 2 ራም አለው፤ በኋላም ግራፊክስ ካርድ ተጨምሮለታል። ቢሮው ሲታደስ ከቦታው ተነስቶ ተመለሰና ስክሪኑ ጨለመ። ኬብሉ ከሞኒተሩ ሲነቀል «No Signal» የሚል ጽሑፍ ታየ፤ ሞኒተሩ ነፃ ወጣ። Caps Lock አልበራም። የማብሪያው መብራት በቀይ 5 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ አጥፍተው ሲያበሩት 5 ድምፅም ተሰማ። ጉዳዩ ራም ነው።

ሁለቱም ራሞች ወጡ። የመጀመሪያው ለብቻው ሲገባ 5ቱ ብልጭታ ቀጠለ። ሁለተኛው በዚያው ስሎት ሲገባ ብልጭታው ቆመ፤ ስክሪኑ ግን አሁንም ጥቁር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ራሙ አልነበረም» ብሎ ወደኋላ ይመለሳል። Caps Lock ሲጫን ግን አሁን ይበራል፤ ኮምፒውተሩ ነቅቷል፣ የቀረው የምስሉ መውጫ ነው። ከጀርባው ሲታይ ዕቃውን የመለሰው ሰው ኬብሉን በማዘርቦርዱ ፖርት ሰክቶታል። ወደ ካርዱ ሲዛወር ዊንዶውስ ታየ። የመጀመሪያው ራም ጠርዙ ተጠርጎ ሲመለስ እሱም ሠራ። ሁለት ችግሮች በአንድ ቀን ተደርበው ነበር፤ አንድም ዕቃ አልተገዛም።

የምልክቶቹ ገደብ

የራም ምልክት ሁልጊዜ ራሙ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የራም መቆጣጠሪያው በዛሬ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ስለሆነ በሶኬቱ ውስጥ የታጠፈ ፒን ያንኑ ምልክት ያሰጣል። የማይመጥን ራም ጤነኛ ቢሆንም እንደተበላሸ ይቆጠራል። አቅሙ የደከመ ፓወር ሰፕላይም ፋን እያዞረ ካርዱን ኤሌክትሪክ ሊነሳው ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው መለዋወጥ ነው፤ የተጠረጠረው ዕቃ በሚሠራ ኮምፒውተር፣ የሚሠራው ዕቃ ደግሞ በተጠረጠረው ኮምፒውተር መሞከር አለበት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ስክሪኑን ብቻ ሳይሆን ማብሪያውንና Caps Lockን ይመልከቱ። ወደ ባለሙያ ሲሄዱም የብልጭታውን ቀለምና ቁጥር፣ የኮምፒውተሩን ሞዴልና ኬብሉ የተሰካበትን ፖርት ጽፈው ይያዙ። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሞክሮ መበላሸቱ ያልተረጋገጠ ካርድ ወይም ራም ምትክ አይገዛለት።