ድፍርስ ውኃ እንዴት እንደሚጠልል፤ የደቃቅ ነገር አዘቃቀጥ በፈሳሽ ውስጥ

በክረምት ከወንዝ የተቀዳ ውኃ በጋን ውስጥ በተቀመጠ ጊዜ፥ አሸዋው ወዲያው ወደ ታች ይወርዳል፤ ደለሉ ጥቂት ቆይቶ ይከተለዋል፤ የሸክላው አፈር ግን ውሎ አድሮም ውኃውን እንዳደፈረሰ ይቆያል። ሦስቱም ከአንድ መሬት ታጥበው የመጡ ናቸው። መጠን ለመጠን ቢመዘኑም ሁሉም ከውኃ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳሉ። በዚህ የማይበላለጡ ከሆኑ፥ አንዱ ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ የሚዘቅጠው ስለ ምን ነው? የዚህን ምክንያት የተረዳ ሰው፥ ውኃው ስንት ሰዓት መቀመጥ እንደሚገባውና ከጠለለ በኋላም በውስጡ ምን እንደ ቀረ ለይቶ ያውቃል።

ውኃ በውስጡ የሚያልፈውን ነገር በሁለት መንገድ ይቃወመዋል። አንደኛው ከውኃው ግዙፍነት የሚመጣ ነው። ግዙፍ ነገር ሁሉ ቆሞ እንደ ሆነ ሳይገፉት አይነሣም፤ ተነሥቶም እንደ ሆነ ሳይገቱት አይቆምም። ስለዚህ ትልቅ ድንጋይ ወደ ሐይቅ ሲጣል በፊቱ ያለውን ውኃ ገፍቶ ያስነሣዋል፤ የተነሣውም ውኃ ድንጋዩ ካለፈ በኋላ እንኳ ከበስተኋላው እየተሽከረከረ ይቀራል። ሁለተኛው ከውኃው ዝልግልግነት የሚመጣ ነው። አንዱ የውኃ ንብርብር በአጠገቡ ባለው ንብርብር ላይ ሲንሸራተት ይፋተጋል። ይህ መፋተግ በማር ውስጥ እጅግ ብዙ ነው፤ በዘይት ውስጥ ከዚያ ያነሰ ነው፤ በውኃ ውስጥ ግን ጥቂት ነው።

ለትልቁ ድንጋይ የሚበረታበት የመጀመሪያው ተቃውሞ ነው። ነገሩ እየደቀቀና እየዘገየ በሄደ ቁጥር ግን የመጀመሪያው እየከሰመ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ብቻውን ይቀራል። ወርዱ የሚሊሜትር 50ኛ እጅ የሆነ የደለል ፍሬ፥ የሚስበው ክብደት በድንገት ቢቀርለት፥ ከሴኮንድ 10,000ኛ እጅ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ባለበት ይቆማል። ለእንዲህ ያለ ፍሬ ውኃው ለእኛ ማር እንደሚሆንብን ያህል ነው። ውኃው ከፊቱ ቀስ ብሎ ይከፈልለታል፤ ከኋላውም ሳይሽከረከር በዚያው መልክ ይገጥማል። ይህ አካሄድ አዝጋሚ ፍሰት ይባላል።

በአዝጋሚ ፍሰት ውስጥ ድቡልቡል ነገርን የሚገታው ኀይል ምን ያህል እንደ ሆነ አስቀድሞ በስሌት ያገኘው ጆርጅ ጋብሪኤል ስቶክስ ነው። ይህ ሊቅ በአየርላንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1819 ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ያስተማረ ሲሆን፥ ስሌቱን ያሳተመው በ1851 ነው። በዚያ ጽሑፍ ይመረምር የነበረው የሰዓት ፔንዱለም ሲወዛወዝ አየር እንዴት እንደሚገታው ነበር፤ ነገር ግን ያገኘው ሕግ ደመና ለምን ከሰማይ ቶሎ እንደማይወድቅም አስረዳ፤ የደመና ጠብታዎች እጅግ ደቃቅ ናቸውና። ሕጉ እንዲህ ይጻፋል፦

F = 6πηav

F የሚገታው ኀይል ነው። a የድቡልቡሉ ወርድ እኩሌታ፥ ማለት ከመካከሉ እስከ ገጹ ያለው ርቀት ነው። v ፍጥነቱ ነው፤ η የፈሳሹ ዝልግልግነት ነው፤ π ደግሞ የክብ ዙሪያ ለወርዱ ያለው እጥፍ፥ ማለት 3.14 ነው። ከዚህ ኀይል ከሦስት እጅ ሁለቱ ውኃው በፍሬው ገጽ ላይ በመፋተጉ የሚመጣ ነው፤ የቀረው አንዱ እጅ ደግሞ ከፊት ያለው ግፊት ከኋላው ስለሚበልጥ የሚመጣ ነው።

በዚህ ሕግ ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ፊተኛው፥ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገታው ኀይልም እጥፍ ብቻ መሆኑ ነው፤ በትልቅ ድንጋይ ላይ ግን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኀይሉ አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። ሁለተኛው፥ ኀይሉ እንደ ፍሬው ገጽ ስፋት ሳይሆን እንደ ወርዱ መሆኑ ነው። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። የሚፋተገው ገጽ ወርዱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሰፋል፤ ነገር ግን በትልቁ ፍሬ ዙሪያ የሚነቃነቀው ውኃ ደግሞ እጥፍ ውፍረት ስላለው፥ ንብርብሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ የሚንሸራተቱት በእኩሌታ ኀይል ነው። አራት በሁለት ሲካፈል ሁለት ይሆናልና፥ የሚተርፈው እጥፍ ብቻ ነው።

የመነሻው ጥያቄ መልስ ከዚህ ይገኛል። የፍሬው ወርድ አሥር እጥፍ ሲሆን ወደ ታች የሚስበው ክብደት 1,000 እጥፍ ይሆናል፤ የሚገታው ኀይል ግን በዚያው ፍጥነት አሥር እጥፍ ብቻ ነው። ፍሬው ሲወርድ ፍጥነቱ የሚያድገው የሚገታው ኀይል በውኃ ውስጥ ካለው ክብደቱ ጋር እስኪተካከል ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ፍጥነት ይጓዛል። ስለዚህ ወርዱ አሥር እጥፍ የሆነው ፍሬ 100 እጥፍ ፈጥኖ ይዘቅጣል። ወርዱ የአንድ አሥረኛ የሆነውም 100 ጊዜ ይዘገያል።

ነገሩ በቁጥር ይታይ። የአንድ ጋን ውኃ ጥልቀቱ 40 ሳንቲሜትር፥ ሙቀቱም 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው እንበል። ሚክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ወርዱ 20 ሚክሮን የሆነ የደለል ፍሬ በሕጉ ሲሰላ በሴኮንድ 0.36 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ከውኃው ገጽ ተነሥቶ እስከ ጋኑ መቀመጫ ለመድረስም 19 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ወርዱ 2 ሚክሮን የሆነው 100 ጊዜ ስለሚዘገይ 31 ሰዓት ያስፈልገዋል። 0.2 ሚክሮን የሆነው የሸክላ ፍሬ ደግሞ በስሌቱ ከ4 ወር በላይ ይፈልጋል። እንዲያውም ይህ የመጨረሻው ከቶ አይዘቅጥም ቢባል ይቀላል፤ ቀንና ሌሊት ሙቀት ሲለዋወጥ ውኃው በጋኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይዞራልና፥ ፍሬው ከወረደው ይልቅ ወደ ላይ የሚመለሰው ይበልጣል። ቅዝቃዜም ሥራውን ያዘገየዋል፤ በ10 ዲግሪ ያለ ውኃ በ20 ዲግሪ ካለው 30 በመቶ ያህል ይበልጥ ዝልግልግ ነውና፥ በደጋ አገር በዚያው ልክ ብዙ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሕግ ግን ወሰን አለው። ወሰኑ የሚታወቀው ፍጥነቱን በወርዱና በፈሳሹ እፍግታ አብዝቶ በዝልግልግነቱ በማካፈል ነው፤ ይህ ቁጥር በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በኦስቦርን ሬይኖልድስ ስም ይጠራል። ቁጥሩ ከ1 እጅግ ሲያንስ ሕጉ ይሠራል፤ ለ20 ሚክሮኑ ደለል 0.007 ያህል ነው። ወርዱ 0.2 ሚሊሜትር ለሆነ አሸዋ ግን ሕጉ በሴኮንድ 36 ሚሊሜትር ይወርዳል ሲል፥ ድቡልቡል ፍሬ በእውነቱ የሚወርደው 25 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የውኃው ግዙፍነት መቃወም ጀምሯልና። ሌላው ወሰን ብዛት ነው። የሚወርድ ፍሬ ከጎኑ ወርዱን አምስት ጊዜ ያህል ርቆ ያለውን ውኃ እንኳ ይስበዋል። ስለዚህ ፍሬዎቹ እንደ ጭቃ ሲበዙ አንዱ ሌላውን ያውካል፤ ሁሉም ከስሌቱ ይልቅ ዘግይተው ይወርዳሉ። ዝርግ የሆነ የሸክላ ፍሬም በክብደት ከሚተካከለው ድቡልቡል ይዘገያል።

መምህር ይህን በትምህርት ቤት ማሳየት ይችላል። በረጅም ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት አፈር ከውኃ ጋር በደንብ ይመታና ይቀመጣል፤ ከውኃው ገጽ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ምልክት ይደረግበታል። ከ45 ሴኮንድ በኋላ ከምልክቱ በላይ ወርዱ ከ50 ሚክሮን የሚበልጥ አሸዋ አይገኝም። ከ8 ሰዓት በኋላ ደለሉ ሁሉ ወርዶ፥ ከ2 ሚክሮን የሚያንሰው ሸክላ ብቻ ከላይ ይቀራል። የአፈር መርማሪዎችም የእርሻ አፈርን አሸዋ፥ ደለልና ሸክላ ብለው የሚለዩት በዚሁ ሰዓት ነው። በተባለው ጊዜ አሸዋ ገና ከላይ ሲንሳፈፍ ቢታይ፥ ጠርሙሱ ተነቅንቋል ወይም አፈሩ በዝቷል ማለት ነው።

ሸክላው ቶሎ እንዲዘቅጥ የሚሻ ሰው የውኃውን ጠባይ ሊለውጥ አይችልም፤ የፍሬውን ወርድ ግን ሊለውጥ ይችላል። በደቡብ ኢትዮጵያ በኮንሶ አገር የሚተከለው የሽፈራው ዛፍ ፍሬው ተወቅጦ በድፍርስ ውኃ ውስጥ ሲበጠበጥ፥ ከውስጡ የሚወጣው ነገር ደቃቁን ሸክላ አያይዞ ቋጠሮ ያደርገዋል። ቋጠሮው በመካከሉ ውኃ ስለሚይዝ ከጥፍጥፉ ሸክላ ይቀልላል፤ ስለዚህ ወርዱ አሥር እጥፍ ቢሆን ፍጥነቱ መቶ እጥፍ ሙሉ አይሆንም። ቢሆንም ቀናት ይፈጅ የነበረው ነገር በሰዓታት ይፈጸማል።

በመጨረሻ ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። የኮሌራና የታይፎይድ ተሕዋስያን ወርዳቸው አንድ ሚክሮን ያህል ነው፤ ክብደታቸውም ከውኃ እጅግ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። በስቶክስ ሕግ ሲሰላ እንዲህ ያለው አካል በቀን የሚወርደው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ እነዚህም ራሳቸው መዋኘት ይችላሉ። ከደለል ጋር የተጣበቁት አብረው ቢወርዱም፥ የቀሩት ከላይ ባለው ጥሩ በሚመስለው ውኃ ውስጥ ይኖራሉ። ስለዚህ በጋን ውስጥ አድሮ የጠለለ ውኃ ደለሉ ወጣ እንጂ ነጻ አልሆነም። ሳይነቀነቅ ከላይ ተቀድቶ፥ ከዚያም ፈልቶ ሊጠጣ ይገባዋል።