«ይቸግረኛል» በእንግሊዝኛ እምቢ ማለት አይደለም

የጎረቤቴ ልጅ በአንድ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ባለፈው ወደ ሐዋሳ ቅርንጫፍ ለመዛወር ፈቃደኛ መሆኗን የሚጠይቅ ደብዳቤ ደረሳት። ሥራ አስኪያጇ የውጭ ሰው ስለሆኑ መልሱም በእንግሊዝኛ መሆን ነበረበት። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብላ ረቂቁን አመጣችልኝ።

ሰዋስዉ እንከን የለውም። ነገር ግን ዋናው ዓረፍተ ነገር «ኢት ኢዝ ዲፊከልት ፎር ሚ» ይላል። በእኛ ዘንድ «ይቸግረኛል» ያለ ሰው እምቢ ብሏል፤ ሰሚውም ገብቶት ዝም ይላል። እንግሊዝኛ አንባቢው ግን ችግር የተነገረው ይመስለውና መፍትሔ ይፈልጋል። የቤት አበል ይጨምርና «እንግዲህ መቼ ትነሺያለሽ?» ብሎ ይጽፋል።

«አይ ሪፊውዝ» ደግሞ ሌላው ጫፍ ነው፤ አለቃን መገዳደር ይመስላል። እኛ የመረጥነው «አይ ሪግሬት ዛት አይ አም አኔብል ቱ አክሴፕት ዘ ትራንስፈር» የሚለውን ነው። ሐዘኑም እምቢታውም አንድ ላይ አሉበት፤ የሚያጠራጥር ነገር የለውም። ይህ ከምስጋናው ቀጥሎ ገባ፣ ምክንያቱ ከዚያ በኋላ።

አራት ምክንያት ደርድራ ነበር፦ የእናቷ ሕመም፣ የቤት ኪራይ፣ የማታ ትምህርት፣ የሐዋሳ ሙቀት። ሙቀቱን ስሰርዝ ራሷም ሳቀች። ኪራዩም ወጣ፤ በገንዘብ የሚፈታ ምክንያት ድርድር ይከፍታልና። ትምህርቱም ሊተላለፍ ይችላል የሚል አይጠፋም። የቀረው አንድ ነው፦ እናቷ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ይደረግላቸዋል፣ የምታመላልሳቸው እሷ ናት። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈችው፤ ከተጠየቀች የሐኪም ማስረጃ እንደምታቀርብም አከለች። የበሽታውን ታሪክ መዘርዘር አላስፈለገም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የመጣው ደብዳቤ ጥያቄ ከሆነ ነው። ትእዛዝ ቢሆን ኖሮ «አልቀበልም» የሚለውን ትተን፣ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ «ሪኮንሲደር» በሚለው ቃል እንለምን ነበር። ከዚያም በፊት የቅጥር ውሏን እናይ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ውል የሥራውን ቦታ እንዲገልጽ ይጠይቃል። በውሉ ላይ «አዲስ አበባ» ብቻ መጻፉና «ድርጅቱ በሚመድበው ቅርንጫፍ ሁሉ» መባሉ የልመናውን አቅም ይለውጠዋል።

መጨረሻ ላይ የምትችለውን አቀረበች፦ ለሐዋሳ የሚመደበውን ሰው አዲስ አበባ ላይ ማሠልጠን፣ ወር ሲዘጋ ደግሞ ወንድሟ እናታቸውን ይዞላት ለጥቂት ቀን ሄዳ ማገዝ። ደብዳቤው በሥራ አስኪያጇ ስም ስለተጀመረ «ዩርስ ሲንሲርሊ» ብላ ፈረመች፤ «ዲር ሰር» ቢል «ፌይዝፉሊ» ይሆን ነበር። ሁሉም ግማሽ ገጽ አልሞላም።

«አጠረ እንዴ፣ ጋሼ?» አለችኝ ስታጥፈው።